«ሲጋገር ተኗል» ተብሎ የሚሸጥላችሁን ኬክ ተጠንቀቁ

አልኮል በምንም መልኩ መቅመስ የማትፈልጉ ወይም በሐኪም የተከለከላችሁ ሰዎች፣ ኬክ ስታዝዙ «ሩም ገብቶበታል፣ ግን ምድጃ ውስጥ ተኖ አልቋል» ከተባላችሁ ገንዘባችሁን ገና አታውጡ። እኔ ልጆች የሚበሉትን ኬክ ሳዝዝ «አልኮል የሌለበት ይሁን» ብዬ በግልጽ ተናግሬ ነበር። ሲቆረጥ ግን የሩሙ ሽታ ቤቱን ሞላው። ደውዬ ስጠይቅ ሻጩ ሩም መኖሩን አልካደም። «የተጋገረ ነገር ላይ አልኮል አይቀርም፣ ስለዚህ ያዘዙት ነው የደረስዎ» አለኝ። ገንዘቤንም አልመለሰም።

ይህ አባባል በብዙ ሻጮች አፍ ላይ ያለው እውነት ስለሚመስል ነው። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፣ ውኃ ደግሞ በባሕር ወለል ከፍታ በ100። ታዲያ 180 ዲግሪ የሚነድ ምድጃ ውስጥ የገባ አልኮል እንዴት ይተርፋል? ስህተቱ 78 ዲግሪ የንጹሕ አልኮል መፍያ መሆኑን መርሳት ላይ ነው። አልኮል ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ሁለቱ ተራ ጠብቀው አይተኑም፤ አብረው ነው የሚወጡት። መጀመሪያ ላይ እንፋሎቱ ብዙ አልኮል ይዞ ይወጣል። በውስጥ ያለው እየሳሳ ሲሄድ ግን የሚወጣውም እየቀነሰ ይመጣል፣ የድብልቁም መፍያ ወደ 100 ይጠጋል። ስለዚህ ግማሹ ቶሎ ይሄዳል፣ የመጨረሻው እፍኝ ግን ለሰዓታት አይለቅም። የምድጃው 180 ዲግሪም የሚነካው ላዩን ነው። የኬኩ መሃል እርጥበት እስካለው ድረስ ከ100 አያልፍም፣ ላዩ ላይ የሚጋገረው ቅርፊትም መውጫውን ያጠበዋል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በወይን፣ በብራንዲና በመሳሰሉት የተሠሩ ምግቦችን አብስሎ የቀረውን አልኮል ለክቷል። የአገሪቱ የግብርና ሚኒስቴርም በንጥረ ነገር ሰንጠረዡ ውስጥ የአልኮል ቅሪትን በመቶኛ አስፍሯል። ከምግቡ ጋር ተማስሎ ከተጋገረ ወይም በዝግታ ከተንተከተከ፣ ከገባው አልኮል ከ15 ደቂቃ በኋላ 40 በመቶ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 35፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 25፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ ያህል ይቀራል። በሚፈላ ነገር ላይ ተጨምሮ ወዲያው ከእሳት ከወረደ የሚቀረው 85 በመቶ ነው። እንግዶች ፊት እሳት የሚለኮስበት ጣፋጭም ብዙ አያራግፍም፤ 75 በመቶው ሳህኑ ላይ ይቀራል። የሚነደው እንፋሎቱ ነው፣ እንፋሎቱ ሲሳሳ እሳቱ ራሱ ይጠፋል። (ትርኢቱ ያምራል፣ ያንን አልክድም።) እነዚህ ቁጥሮች እንደ ዕቃው ከፍና ዝቅ ይላሉ። ሰፊና ክፍት መጥበሻ ብዙ ያስተናል፣ ጠባብና የተከደነ ድስት ደግሞ ክዳኑ ላይ ጤዛ የሆነውን እንፋሎት መልሶ ያወርደዋል።

አሁን ወደ ኬኩ እንመለስ፤ ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሩም ኬክ ብዙውን ጊዜ ሩም የሚገባበት ሁለቴ ነው። አንዱ ሊጡ ላይ፣ ሌላው ከምድጃ ከወጣ በኋላ ኬኩ በሚርስበት ሽሮፕ ላይ። ሻጩ «ተጋግሯል» ሲል የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ሊጡ ላይ 60 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ሩም ገባ እንበል። በውስጡ 19 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጋገር ሩቡ ይቀራል፣ ማለትም 5 ግራም ገደማ። ቀጥሎ ስኳርና ውኃ ፈልቶ፣ ከእሳት ሲወርድ 120 ሚሊ ሊትር ሩም ይጨመርበታል። ይህ 38 ግራም አልኮል ነው። «ሽሮፑም ፈልቷል» ቢሏችሁ እንኳ በዚህ አሠራር 85 በመቶው፣ ማለትም 32 ግራም ያህሉ፣ ኬኩ ውስጥ ይሰምጣል። ድምሩ 37 ግራም ሆነ። ለ12 ሰው ቢቆረጥ ለአንዱ ቁራሽ 3 ግራም ይደርሰዋል። ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል አልኮል ስላለው፣ አንድ ቁራሽ የቢራው ሩብ ሊሆን ትንሽ ነው የሚጎድለው። ሁለት ቁራሽ የበላ ልጅ ግማሽ ቢራ ጠጣ ማለት ይቻላል። ሽሮፑ ላይ ሩም ባይጨመር ኖሮ ግን የአንድ ቁራሽ ድርሻ ግማሽ ግራም እንኳ ባልሞላ ነበር። ዜሮ ባይሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሽታ ላይ አትታመኑ። ሽታው የሚመጣው ከሩሙ መዓዛ ነው፤ አልኮል የሌለው የሩም ጣዕምም እንደዚያው ይሸታል፣ በቸኮሌትና በቅመም የተሸፈነ ኬክ ደግሞ አልኮል ኖሮትም ላይሸት ይችላል። የሚያዋጣው ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ነው። «አልኮል አለው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ያው የተለመደው መልስ ይመጣል። «ከተጋገረ በኋላ ምን ይጨመርበታል? ሽሮፑ፣ ክሬሙ፣ መሃሉ ላይ የሚቀባው በምን ተሠራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክሬም እሳት ስለማያይ የገባበት ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያው ነው። ለሥጋ ሶስም ያው ነው፤ ወይኑ መቼ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ ተንተከተከ፣ ድስቱ ተከድኖ ነበር ወይ? ምግቡን ከእሳት ሊያወርድ ሲል ወይን ጠብ የሚያደርግ አብሳይ «በስሏል» ቢል አትስሙት።

በሌላ በኩል ስለ ቫኒላ የሚጨነቁ አሉ፤ እዚያ ላይ ፍርሃቱ ይበዛል። የቫኒላ ፈሳሽ ጠንካራ ነው፣ 35 በመቶ አልኮል የሚደርስ አለ። ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ለሙሉ ኬክ ሲገባ ከአንድ ግራም ተኩል ያነሰ አልኮል ነው፣ የሚቀረውም ለሁሉም ቁራሽ ተከፋፍሎ ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት ጠብታም የማይፈልግ ሰው ዱቄቱን ወይም ፍሬውን ቢጠይቅ መብቱ ነው። ዲሰልፊራም የተባለውን የመጠጥ ማስተው መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ ግን የምርጫ አይደለም። መድኃኒቱ ከጥቂት አልኮል ጋር ሲገናኝ ፊት ያቀላል፣ ልብ ያስመታል፣ ያስመልሳል፤ በምግብና በሶስ ውስጥ ካለ አልኮልም እንዲርቁ ነው የሚመከሩት። ለእነሱ «ተኗል» የሚለው ቃል ሊያሳምማቸው ይችላል።

ትእዛዛችሁን በጽሑፍ ላኩ፣ ቢያንስ በስልክ መልእክት። «አልኮል የሌለበት» ብቻ አትጻፉ፣ ለትርጉም ክፍት ነው። «በሊጡ፣ በሽሮፑና በክሬሙ ውስጥ ሩም፣ ብራንዲ፣ ወይን ወይም ሊከር አይግባ፣ ቢጋገርም ባይጋገርም» ብላችሁ ጻፉ። ሻጩ «እሺ» ብሎ ከመለሰ በኋላ ቀብድ ክፈሉ። መልእክቱን ለመመለስ የሚያመነታ ከሆነ ሌላ ጋጋሪ ፈልጉ።