ቴነር ወይስ ባሪቶን? ከፍተኛው ኖታ አይበቃም

ብዙ ወንድ ዘፋኝ ራሱን ከቴነር፣ ማለትም ከከፍተኛው የወንድ ድምፅ፣ ወይም ዝቅ ከሚለው ከባሪቶን የሚመድበው ሊደርስበት በቻለው ከፍተኛ ኖታ ነው። ይህ መለኪያ ያሳስታል። ባሪቶንም ቢሆን ጮኾ የቴነርን ኖታ ለአፍታ ሊነካ ይችላል፤ እዚያ መዝፈን ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ የማምነው ድምፁ ከደረት ድምፅ ወደ ላይኛው፣ ቀለል ወዳለው ድምፅ በሚሻገርበት ቦታ ነው። በፒያኖ መካከለኛውን ዶ ያዙና ሳትጮኹ «ኡ» እያላችሁ አንድ አንድ ኖታ ወደ ላይ ውጡ። ባሪቶን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ዶ እስከ ሚ ባለው መካከል ድምፁ ሊሰነጠቅ ወይም ወደ ጩኸት ሊሄድ ይቃጣዋል። ቴነር ላይ ይህ የሚመጣው ከፍ ብሎ፣ ፋ አካባቢ ነው። ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ የቴነር ድምፅ ቀድሞ ይሳሳል፤ የባሪቶን ግን ሞልቶ ይቀጥላል።

የድምፅ ቀለምም ይረዳል፤ ባሪቶን ጠቆር፣ ቴነር ብሩህ ይላል። ሆኖም ማንቁርትን ወደ ታች ተጭኖ ማጥቆር ስለሚቻል ብቻውን አይታመንም። የኦፔራ ዘፋኙ ፕላሲዶ ዶሚንጎ በ1959 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ለፈተና የቀረበው በባሪቶንነት ነበር፤ የተቀበሉት ግን በቴነርነት ነው።

በሙከራው ላይ አገጫችሁ ወደ ላይ ከተነሳ ወይም የአንገት ጅማት ከተገተረ አቁሙ። በማግስቱ ጠዋት ላይኞቹን ኖታዎች በለሆሳስ ማውጣት ካቃታችሁ የድምፅ አውታሮቹ አብጠው ሊሆን ስለሚችል አሳርፏቸው። ድምፃችሁ ጎርንኖ ከ3 ሳምንት ካለፈ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።