ዜሮ ወይስ 3.33? ተቋራጭ ሲመረጥ የደህንነት ቁጥሮች እንዴት ይነጻጸራሉ

ሁለት ተቋራጮች ለአንድ የግንባታ ሥራ ተቀራራቢ ዋጋ አቅርበዋል እንበል። «ሀ» ባለፈው ዓመት ተጎድቶ ከሥራ የቀረ ሠራተኛ የለኝም ይላል። «ለ» ሦስት ሰው እንደተጎዳበት ጽፏል። ብዙ አሠሪ እዚህ ላይ «ሀ»ን መርጦ ሰነዱን ይዘጋል። እኔ ግን ሰዓቱን ሳላይ አልመርጥም።

የ«ሀ» 60 ሠራተኞች በዓመቱ 120,000 ሰዓት ሠርተዋል፤ የ«ለ» 400 ሠራተኞች ደግሞ 900,000 ሰዓት። ስሌቱ አጭር ነው፦

```
የጉዳት ድግግሞሽ = ከሥራ ያስቀሩ ጉዳቶች × 1,000,000 ÷ የተሠሩ ሰዓቶች
ሀ = 0 × 1,000,000 ÷ 120,000 = 0
ለ = 3 × 1,000,000 ÷ 900,000 = 3.33
```

አንዳንዶች በ1,000,000 ፈንታ በ200,000 ያባዛሉ፤ ይህ 100 ሠራተኞች በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ሲሠሩ የሚሞላው ሰዓት ነው። በዚያ ስሌት የ«ለ» ቁጥር 0.67 ይሆናል። ሥራው ሳይሻሻል ቁጥሩ በአምስት እጅ ስላነሰ፣ በምን እንደተባዛ ያልተጻፈበትን ቁጥር ከሌላው ጎን አታስቀምጡት።

ሰዓቱም ራሱ ሊያብጥ ይችላል። «ለ» 400 ሠራተኛን በ48 ሰዓትና በ52 ሳምንት ቢያባዛ 998,400 ያገኛል፤ ቁጥሩም ወደ 3.0 ይወርዳል። ግን ፈቃድ ላይ የነበረ ወይም ታሞ የተኛ ሰው በዚያ ጊዜ ለአደጋ አልተጋለጠም። መቆጠር ያለበት ትርፍ ሰዓትን ጨምሮ በትክክል የተሠራው ነው። የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኞች ሰዓት ከተደመረ ጉዳታቸውም መደመር አለበት። ሰዓታቸው ገብቶ የአንድ ሰው ጉዳታቸው ከተተወ፣ የ«ለ» እውነተኛ ቁጥር 4.44 ነው።

አሁን ወደ ዜሮው እንመለስ። «ሀ» አደገኛነቱ ልክ እንደ «ለ» ቢሆን ኖሮ፣ በ120,000 ሰዓት ውስጥ የሚጠበቅበት ጉዳት 0.4 ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ከሦስት ዓመት ሁለቱን በዜሮ ይዘጋል። አደገኛነቱ በሦስት እጥፍ ቢብስ እንኳ ከአሥር ዓመት ሦስቱን ያህል ዜሮ ይጽፋል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ዜሮ ለትንሽ ድርጅት ብዙም ማስረጃ አይሆንም። የአምስት ዓመት 600,000 ሰዓት በዜሮ ካሳየ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አደጋው እንደ «ለ» ቢሆን ይህን የማግኘት ዕድሉ ወደ 14 በመቶ ይወርዳልና።

ዜሮ የሚገኝበት ሌላም መንገድ አለ። ጣቱ የተሰበረ ሠራተኛ በማግስቱ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት እንዲቆጥር ከተደረገ «ከሥራ አልቀረም» ይባላል። ይህን ለመያዝ ሕክምና ያስፈለጋቸውንና ወደ ቀላል ሥራ የተዛወሩትን ጭምር የያዘ ዝርዝር ጠይቁ።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ኋለኛ አመልካች ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ይቆጠራል። ቀዳሚ አመልካች የሚቆጥረው ከጉዳቱ በፊት የተሠራውን ነው፦ የታቀደው የቦታ ፍተሻ ተካሂዷል ወይ፣ ሰው ሳይጎዳ ያለፈ አደጋ ተመዝግቧል ወይ፣ የታየው ጉድለት በቀኑ ተስተካክሏል ወይ። ትንሽ ድርጅትን ለመመዘን የሚያስችል ብዛት ያለው መረጃ እዚህ ነው የሚገኘው። ግን የሪፖርት ብዛት ብቻውን አያሳምነኝም። ወርሃዊ ኮታ ከተሰጠ ሠራተኛው «ወለሉ እርጥብ ነው» እያለ ይሞላዋል። ስለዚህ ማጠቃለያውን ሳይሆን መዝገቡን እጠይቃለሁ።

የ«ለ» መዝገብ 140 ጉድለቶችን ይዟል፤ 119ኙ፣ ማለትም 85 በመቶው፣ በተቀጠረላቸው ቀን ተዘግተዋል። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሦስተኛ ፎቅ፣ መወጣጫው ላይ መከላከያ አግዳሚ የለም። የታየበት ቀን 3፣ ቀጠሮ 4፣ የተዘጋበት 4። ቦታው እስኪስተካከል ተዘግቷል፣ ፎቶ ተያይዟል።» የ«ሀ» መዝገብ በዓመቱ ሁለት መስመር ብቻ አለው፤ ሁለቱም የመዝጊያ ቀን የላቸውም። 60 ሰው ዓመቱን ሙሉ ግንባታ ላይ ሲውል ከሁለት ጉድለት በላይ አለማየቱን ለማመን ይከብደኛል።

በዚህ መረጃ ብቻ ብወስን «ለ»ን እመርጣለሁ፤ የንዑስ ተቋራጮቹ ጉዳት መደመሩን የሚያሳይ ዝርዝር ካቀረበ። በቀጠሮው ካልተዘጉት 21 ጉድለቶች ውስጥ ከከፍታ መውደቅን ወይም ኤሌክትሪክን የሚመለከቱ ካሉ ግን፣ ውል ከመፈረሜ በፊት አንድ በአንድ እንዲያስረዳኝ እጠይቀዋለሁ። «ሀ»ን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። የአምስት ዓመት ሰዓቱንና የሕክምና ዝርዝሩን ካመጣ፣ በቦታው ተገኝቼም ጉድለት ተመዝግቦ ሲስተካከል ካየሁ፣ ስሌቱን እንደገና እሠራለሁ።