ከሦስቱ የወለድ ኩርባ ማብራሪያዎች የትኛው ይሻላል?

ሠንጋ ተራ አካባቢ፣ ባንኮቹ በተደረደሩበት ሰፈር፣ ከጓደኞቼ ጋር ምሳ በተቀመጥኩ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርልኝም፦ «የ364 ቀኑ የግምጃ ቤት ሰነድ ከ182 ቀኑ የተሻለ ወለድ እየከፈለ ነው፤ እንግዲህ ወለድ ሊጨምር ነው ማለት ነው?» መልሱ የወለድ ኩርባውን፣ ማለትም መንግሥት የሚበደርባቸውን የአጭርና የረጅም ጊዜ ሰነዶች ወለድ በጊዜ ርዝመት የሚያሳየውን መስመር፣ በየትኛው ማብራሪያ እንደምናነበው ይለያያል። የእኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገር፦ ለእኛ ገበያ የምመርጠው የተከፋፈለ ገበያን ማብራሪያ ነው፣ ያውም ተጠግኖ።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋው። የ182 ቀኑ ሰነድ በዓመት 15 በመቶ፣ የ364 ቀኑ 17 በመቶ ይከፍላሉ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሚሊዮን ብር በ182 ቀኑ ቢቀመጥ በግማሽ ዓመት 1,075,000 ብር ይሆናል። በ364 ቀኑ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ 1,170,000 ይደርሳል። የመጀመሪያው፣ የግምት ማብራሪያው፣ ሁለቱ መንገዶች እኩል ሊያስገኙ ይገባል ይላል። ስለዚህ በሁለተኛው ግማሽ ዓመት 1,075,000ው ብር ወደ 1,170,000 ማደግ አለበት፤ ይህም በዓመት ሲሰላ 17.7 በመቶ ገደማ ነው። «ገበያው ወለድ ይጨምራል ብሎ ያስባል» የሚባለው ከዚህ ስሌት ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ የሚጠይቀው ክፍያ ግን ሰነድ የሚገዛ ሁሉ ጊዜው ቢረዝም ቢያጥር ግድ እንደሌለው መቀበል ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሂክስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛው ማብራሪያ የተቃወመው ይህንኑ ነው። ገንዘቡን ለረጅም ጊዜ የሚያስር ሰው ለሥጋቱ ተጨማሪ ይፈልጋል። ከ17ቱ አንዱ ነጥብ ይህ ካሳ ከሆነ፣ የቀረውን 16 ይዘን ስናሰላ የሚጠበቀው ወለድ 15.8 በመቶ ነው። ካሳው ሁለት ነጥብ ከሆነ 14 ገደማ፤ ማለትም ያው ወደ ላይ የወጣ ኩርባ ወለድ እንደሚቀንስ ይናገራል! ካሳው ስንት እንደሆነ ደግሞ በየትኛውም የጨረታ ውጤት ላይ አይጻፍም። ገበያ ላይ የሚሸጠው አስመሳይ ቅጂ እዚህ ጋ ይታወቃል፦ በግምቱ ስሌት ተነሥቶ፣ ሲሳሳት «ካሳው ተለውጦ ነው» የሚል ትንታኔ። አንድ የማውቀው የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ይህን ቅጂ ገዝቶ፣ ወለድ ይጨምራል በሚል የማኅበሩን ገንዘብ በአጭር ሰነድ እያዞረ ከረመ። ወለዱ ወረደ፤ አባላቱም የ364 ቀኑን ወለድ ሳያገኙ ቀሩ።

ሦስተኛው፣ የተከፋፈለ ገበያ ማብራሪያ፣ ኩርባውን ትቶ ገዢዎቹን ይቆጥራል። ባንክ ነገ ለሚወጣ ተቀማጭ አጭር ሰነድ ይፈልጋል፤ የጡረታ ፈንድ ከዓመታት በኋላ ለሚከፍለው ረጅሙን። እያንዳንዱ በየክፍሉ ይጫረታል፣ ወለዱም እዚያው በአቅርቦትና በፍላጎት ይወሰናል። ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን ለብሔራዊ ባንክ የአምስት ዓመት ሰነድ እንዲያውሉ ተገደው ነበር። የመጀመሪያው ወለድ 3 በመቶ ነበር፤ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 5 በመቶ፣ የዋጋ ግሽበቱም በዚያ ዓመት ማብቂያ ከ30 በመቶ በላይ። በግምት ማብራሪያ ያነበበ ሰው «ወለድ ሊወርድ ነው» ሊል ነው። እውነቱ ግን የአምስት ዓመቱ ገዢ ምርጫ አልነበረውም፤ 3 በመቶው የሚለካው ትእዛዙን እንጂ የማንንም ግምት አይደለም። ግዴታው የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ጉድለቱን አልደብቅም። ፍጹም መከፋፈልን ያመነ ሰው፣ የ364 ቀኑ ወለድ ከ182 ቀኑ በአሥር ነጥብ ቢበልጥም ማንም ከክፍሉ አይንቀሳቀስም ማለት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ሐሰት ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ሞዲግሊያኒና ሰች በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያደረጉት ጥገና ይህን ያስተካክላል፦ ገዢ የሚመርጠው ጊዜ አለው፣ በቂ ከተከፈለው ግን ይወጣል።

ሲገዙ መፈተኛው ቀላል ነው። በጨረታ ውጤት ላይ ከወለዱ አጠገብ የቀረበውንና የተጠየቀውን መጠን ይመልከቱ። ለ364 ቀኑ የቀረበው በእጥፍ አድጎ የዚያ ወለድ ብቻ ከጨመረ፣ የሌሎቹ ካልተነቃነቀ፣ ነገሩ የአቅርቦት ነው። የሁሉም ጊዜ ወለድ በአንድነት፣ መጠኑ ሳይለወጥ ከተነሣ ግን የግምት ማብራሪያው ተራ ደርሷል። በተለይ የብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ ውሳኔ ሲቃረብ፣ በ28ና በ91 ቀኑ ሰነድ ላይ እኔም የማነበው በእሱ ነው።