የቻርጅ ፍጥነት መለኪያ ልትገዙ ነው? የኤ ሶኬቱ ወይስ የሲ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ቻርጀር ሲሞከር አብዛኛው ሰው የሚያየው ስልኩ ላይ የሚወጣውን የመብረቅ ምልክት ነው። ምልክቱ ግን ኤሌክትሪክ መግባቱን እንጂ ምን ያህል እንደገባ አይናገርም። ያንን የሚያሳየው በቻርጀርና በስልክ መሃል የሚሰካው ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ነው። በብዛት የሚገኘው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ የድሮው ሰፊ የኤ ሶኬት ያለው፣ ሌላው የታይፕ ሲ። የሲው በዋጋ ይበልጣል፤ ጥያቄው ተጨማሪውን ብር ያወጣል ወይ ነው።

መጀመሪያ አነባበቡ። ቮልቱ ቻርጀሩና ስልኩ ምን እንደተስማሙ ይነግራል፤ አምፑ ስልኩ በትክክል ስንት እየወሰደ እንደሆነ ያሳያል። ሁለቱ ሲባዙ ዋቱ ይገኛል። ጀርባው ላይ 9 ቮልት 2 አምፕ፣ ማለትም 18 ዋት የተጻፈበት ቻርጀር መለኪያው ላይ 9.1 ቮልትና 1.7 አምፕ ካሳየ 15.5 ዋት ገደማ እየሰጠ ነው፤ ጥሩ ነው። 5.1 ቮልት ላይ ከቆመ ግን ፈጣኑ ቻርጅ ጭራሽ አልተጀመረም። በኤ ሶኬት ቻርጀሮች ላይ የተለመደው ምክንያት ውስጡ የዳታ ሽቦ የሌለው ርካሽ ገመድ ነው፤ ስልኩ 9 ቮልት ስጠኝ የሚለው በእነዚያ ሽቦዎች ነውና። ገመድ ቀይሩና ድገሙት። አሁንም 5 ካለ ቻርጀሩና ስልኩ አይግባቡም፤ አንዳንድ ስልክ የራሱን ኩባንያ ቻርጀር ካልሆነ አይቀበልም።

የኤው መለኪያ እስከዚህ ድረስ በቂ ነው። ስትገዙ አንድ ነገር ብቻ አጣሩ፦ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የቮልት ጣሪያ። ከ7 ቮልት በላይ የማይችሉ የድሮ መለኪያዎች አሉ፤ 9 ቮልት ሲመጣባቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ቢያንስ 20 ቮልት የሚችለውን ውሰዱ። ቮልትና አምፕን በየተራ ከሚያፈራርቀው ይልቅ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያሳየው ይሻላል፤ የሚፈራረቀውን እያዩ ማባዛት ያደክማል።

ልዩነቱ የሚወጣው አምፑ ዝቅ ሲልና ምክንያቱ ሲፈለግ ነው። ተራ የ5 ቮልት 2 አምፕ ቻርጀር እንውሰድ። የኤው መለኪያ የሚሰካው ቻርጀሩ ጋ ነው፤ 5.05 ቮልትና 1.1 አምፕ አሳየ እንበል። ቮልቱ ስላልወረደ ቻርጀሩ ደህና ነው፤ 4.6 ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነበር። ታዲያ አምፑን ማን ያዘው? ገመዱ ይሁን ስልኩ ከዚህ አይታወቅም። የሲው መለኪያ ግን በገመዱ ሌላኛው ጫፍ፣ ስልኩ ጋ ይሰካል። እዚያ 4.4 ካነበበ 0.65 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ለ1.1 ሲካፈል 0.6 ኦም ገደማ ይመጣል፤ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ስልኩም ቮልቱ ሲወርድበት አምፑን ቀንሷል። ደህና የአንድ ሜትር ገመድ ከ0.2 ኦም ብዙም አይርቅም። ስልኩ ጋ 4.9 ካነበበ ደግሞ ገመዱ ንጹህ ነው፤ የቀነሰው ራሱ ስልኩ ነው።

ስልክ ራሱ የሚቀንሰው ባትሪው ሲሞላ ወይም ሲግል ነው። የድሬ የቀትር ሙቀት ደግሞ ስልኩን ገና ሳይሰካ ያግለዋል፤ ጸሐይ ላይ የቆየ ስልክ የሚሰጠው ቁጥር ለማወዳደር አይሆንም። ባትሪው ከ20 እስከ 50 በመቶ ባለበት፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ጥላ ውስጥ ወይም ማታ ለኩ፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ሐረር አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል እዚያ የተነበበውን ከድሬዳዋ ቀትር ጋር ማወዳደር ገመዱን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል።

ቻርጀራችሁ የኤ ሶኬት ብቻ ከሆነና ፍላጎታችሁ "ፈጣን ነው ወይስ አይደለም" ከሆነ የኤውን ግዙ። ቻርጀሩ የሲ ሶኬት ካለው፣ ወይም ገመድ የምትሸጡና የምትጠግኑ ከሆነ የሲው ይሻላል። እሱን ግን ሱቁ ውስጥ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። በፈጣን ቻርጅ የሚሠራ የሲ ቻርጀርና ስልክ ያዙ፤ ያለ መለኪያው ፈጣን ቻርጅ እያለ በመለኪያው በኩል 5 ቮልት ላይ ከቀረ፣ መለኪያው የመግባቢያውን መስመር አያሳልፍም ማለት ነው። መሰኪያውን ገልብጣችሁ አንዴ ድገሙት፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚሠራ ያጋጥማልና።