«ሁለተኛውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» ላለችኝ ልጅ

ይህቺን ልጅ በሰው ፊት ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ስሟን አልጠቅስም፣ እሷም አትወድም። የሒሳብ ሠራተኛዬ ናት፣ ከተመረቀች ገና ሁለት ዓመቷ። እኔ የቤት ዕቃ የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። እንጨት አውቃለሁ፣ ሒሳብ ላይ ግን ዜሮ ነኝ።

ከሷ በፊት ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ ወረቀቶቼን በካርቶን ወስዶ ከአራት ወር በኋላ በዚያው ካርቶን መለሰልኝ፤ የታሸገበት ፕላስተር እንኳን አልተነካም። ለዚህም ከፍያለሁ እኮ! ሌላዋ ደግሞ ምን ብጠይቃት መልሷ «ባላንስ አድርጓል» ነበር። ትርጉሙን ስለማላውቅ እፎይ ብዬ እወጣለሁ። የባንኩ ሒሳብና የሷ ወረቀት አልገናኝ ሲላት ልዩነቱን «ልዩ ልዩ ወጪ» ብላ እንደምትዘጋው የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው። ስለዚህ አዲሷን ስቀጥር እምነት የሚባል ነገር አልቀረኝም ነበር። ቢሮ በሯ ላይ እየቆምኩ አያታለሁ፣ ደግሞ ምን እንደማይ አላውቅም።

ሦስተኛ ወሯ ላይ፣ አንድ አርብ ወደ ማታ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቢሮዬ ገባችና በሩን ዘጋችው። ልትለቅ ነው ብዬ ነበር። እጇ ላይ ሦስት ወረቀት ይዛለች፣ ጠርዛቸው በላቧ ረጥቧል። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው።

«እትዬ፣ ለኮምፔርሳቶው አቅራቢ አንድ ኢንቮይስ ሁለቴ የከፈልን ይመስለኛል። ሁለተኛውን ሲስተም ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንቴ።»

ልብ በሉ፣ ስለ ራሷ ነው የጀመረችው። እኔ ገና ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም። ወረቀቶቹን ሳይ ግን ሁለቱም ላይ «ይከፈል» ብሎ የፈረመው ማን መሰላችሁ? እኔው። አስራ ሁለት ቀን እንኳን አይራራቁም። እሷ ይህን በአፏ አላለችም። ወረቀቶቹን ወደኔ አዙራ አስቀመጠችና ዝም አለች።

እንዴት እንደሆነ እንደገባኝ ላስረዳ። አቅራቢው ኢንቮይሱን መጀመሪያ በኢሜይል ይልካል። ከዚያ ዋናው ወረቀት ዕቃውን ከጫነው ሹፌር ጋር ይመጣል። የኢሜይሉን ከሷ በፊት የነበረችው አትማ 4471 ብላ መዝግባዋለች፣ ተከፍሏል። ዋናው ወረቀት ደግሞ ከሌላ ወረቀት ስር ተቀብሮ ቆይቶ እሷ ስትገባ ያልተከፈለ መስሎ ተገኘ። እላዩ ላይ ቁጥሩ INV-004471 ተብሎ ስለተጻፈ እሷም እንዳለ አስገባችው። ሲስተሙ አንድ ቁጥር ሁለቴ ሲገባ ይጮሃል፤ ግን የሚጮኸው ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው አለችኝ። ለኛ ዓይን አንድ የሆነው ለማሽኑ ሁለት ነው።

ታዲያ እንዴት አገኘችው? ማንም ሳይጠይቃት አቅራቢውን ስቴትመንት ላኩልኝ አለቻቸው። በኛ ሌጀር አራት ኢንቮይስ ገብቷል፣ አራቱም ተከፍሏል፣ ቀሪው ዜሮ። ንጹህ! ያቺ «ባላንስ አድርጓል» የምትለኝ ብትሆን እዚህ ላይ ነበር የምትዘጋው። በነሱ ስቴትመንት ግን ኢንቮይሱ ሦስት ነው፣ ክፍያው አራት፣ ታችኛው መስመር ላይ ከነቅናሽ ምልክቱ 48,600 ተቀምጧል። እነሱ ጋ ያለን የኛ ገንዘብ ማለት ነው። አንድ ዕቃ ሁለቴ ተመዝግቦ ሁለቴ ሲከፈል የራስህ መዝገብ አይዛባም፣ ሁለቱም ጎን እኩል ያብጣል። ከውጭ ከመጣ ወረቀት ጋር ካላስተያየኸው አይታይም።

የወደድኩላት ደግሞ «እርግጠኛ ነኝ» አለማለቷ ነው። ሦስተኛው ወረቀት የዕቃ መረከቢያው ነበር፣ ለሁለቱ ኢንቮይስ አንድ ብቻ። «በዚያ ወር መረከቢያ ያልተቆረጠለት ሌላ ጭነት ገብቶ ከሆነ ግን እኔ ተሳስቻለሁ፤ እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። መጋዘን ጠባቂውን ደወልኩለት። አንድ ጭነት ብቻ ነው የገባው፣ በደንብ ያስታውሰዋል፣ ዝናብ ነበርና ሸራ ያለበሰው እሱ ነው።

እኔስ ምን አልኩ? አፌን ልሰብረው። «ሌቦች ናቸው!» አልኩ መጀመሪያ። ቀጥዬ ደግሞ «አንቺስ ሦስት ወር ሙሉ የት ነበርሽ?» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፣ ድምጿ ግን አልተለወጠም። «እነሱ ሁለቴ አላስከፈሉንም እትዬ፣ የላኩት የአንዱን ኢንቮይስ ኮፒና ዋናውን ነው። ሁለት ያደረግነው እኛ ነን። ሰኞ በጨዋ ደንብ ልጻፍላቸው።» በሃምሳ ዓመቴ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ከጠብ አዳነችኝ። እንደዚያ ተናድጄ ብደውል ኖሮ የስምንት ዓመት አቅራቢዬን አጥቼ ነበር።

ሰኞ ጻፈች። ሁለቱን የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀትና የራሳቸውን ስቴትመንት አያይዛ ነው የላከችው። በሦስተኛው ቀን አመኑ። እኔ ከሰው የሰማሁትን ይዤ «ክሬዲት ኖት አስቆርጫቸው» ስላት ሳቀችብኝ። ክሬዲት ኖት ሽያጩ ሲቀነስ ነው፤ እዚህ ሽያጩ ትክክል ነው፣ የበዛው ክፍያው ነው። ስለዚህ ወይ ገንዘቡን ይመልሳሉ፣ ወይ ከሚቀጥለው ግዢ ላይ ይቀናነሳል። እኔ ይመለስልኝ አልኩ። ተመለሰ። መዝገቡ ላይ ደግሞ የተሳሳተውን አላጠፋችውም፣ በተቃራኒ ምዝገባ ሰረዘችው። ቫቱም በዚሁ ሁለቴ ተቀንሶ ነበር፣ እሱንም አስተካከለች፤ የዚህን ዝርዝር ግን አልጠይቃትም፣ ራሴን ያመኛል።

ከዚያ በራሷ ፈቃድ የዓመቱን ክፍያ በሙሉ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድራ እኩል የሆኑትን እያነሳች ፈተሸች። አንድ ጥንድ አገኘችና ልቤ ዱብ አለ። ሁለት መረከቢያ ነበረው፣ እውነተኛ ሁለት ግዢ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ዓይነት ብዛት ደጋግሜ ስለማዝ ነው።

አሁን ዋናው ኢንቮይስና መረከቢያው አብረው ካልተያያዙ እንድፈርም አትፈቅድልኝም። የተከፈለው ላይ «ተከፍሏል» የሚል ማህተም ትመታለች፣ ኮፒው ላይ ጭምር። ባለፈው ለመፈረም ስቸኩል እስክሪብቶዬን ከእጄ ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ብቻችንን። ያን የተናገርኳትን ግን እዚህም ልድገመው፦ ይቅር በይኝ ልጄ። መደበቅ ትችይ ነበር እኮ። ያቺ ከአንቺ በፊት የነበረችው ላይ ብትለጥፊው ማን ያውቅብሽ ነበር?

አነስተኛ ሥራ ያላችሁ፣ ወረቀታችሁ ካርቶን ውስጥ የሚያድር፣ እባካችሁ እንደሷ ዓይነት ሰው ፈልጉ። እሷ ራሷ በሳምንት ሁለት ቀን ክፍት ናት፣ የምትፈልጉ ንገሩኝና ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ግን አርብን አትንኩብኝ፣ አርብ የኔ ናት።