ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሦስት ገዢ፦ ከውጭ አገር የሚገዛ አገልግሎት በእንግሊዝ ስንት ያስወጣል?

ለንደን ውስጥ የአነስተኛ ድርጅቶችን የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ። ደንበኞቼ ድረ ገጽ ወይም የትእዛዝ መቀበያ ሥርዓት ማሠራት ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ ይዘው ይመጣሉ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚረክስ ሲጠይቁኝ ወረቀቱን ከማየቴ በፊት ስለ ራሳቸው እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሱ ያለው ከሻጩ ይልቅ በገዢው ዘንድ ነውና።

የሚከተሉትን ሦስት ዋጋዎች እንውሰድ። በቫት የተመዘገበ የለንደን ድርጅት 2,000 ፓውንድ ጠይቆ 20 በመቶ ቫት፣ ማለትም 400 ፓውንድ ይጨምርበታል። አዲስ አበባ የሚኖር ባለሙያ 2,100 ፓውንድ ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ላይ ቫት የለም። ሦስተኛው ለንደን ውስጥ ለብቻው የሚሠራ፣ ሽያጩ አነስተኛ በመሆኑ በቫት ያልተመዘገበ ባለሙያ ነው። እሱ 2,250 ይላል፤ እዚህም ቫት የለም።

የሁለተኛውና የሦስተኛው ወረቀት አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የለንደኑ ባለሙያ ቫት ያልጨመረው በሽያጩ ላይ ቫት ስለሌለ ነው፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የአዲስ አበባው ወረቀት ላይ ግን ቫቱ አልተጻፈም እንጂ አለ። በድርጅቶች መካከል የሚሸጥ አብዛኛው አገልግሎት ታክስ የሚጣልበት ገዢው ባለበት አገር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት አዲስ አበባ ያለውን ሻጭ ተከታትሎ ከሚያስከፍል ይልቅ ግዴታውን ወደ ገዢው ያዞራል፤ ገዢው ራሱ ሻጭ የሆነ ይመስል ቫቱን አስልቶ ያስታውቃል። ተገላቢጦሽ ታክስ የሚባለው ይህ ነው። ባይኖር ኖሮ የውጭ ሻጭ ሁሉ ቫት ሊመለስላቸው በማይችሉ ገዢዎች ዘንድ የአገር ውስጡን ተመዝጋቢ በ20 በመቶ ይበልጠው ነበር።

ሦስቱን ዋጋዎች ለሦስት ገዢዎች ስናሰላ፣ በመጨረሻ ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ በፓውንድ እንዲህ ይሆናል፦

| ገዢ | የለንደኑ ድርጅት | የአዲስ አበባው ባለሙያ | ያልተመዘገበው የለንደን ባለሙያ |
|---|---|---|---|
| በቫት የተመዘገበ ምግብ ቤት | 2,000 | 2,100 | 2,250 |
| ያልተመዘገበ ካፌ | 2,400 | 2,100 | 2,250 |
| የኢንሹራንስ ደላላ | 2,400 | 2,520 | 2,250 |

ምግብ ቤቱ ቀላሉ ነው። የሚሸጠው ሁሉ ቫት ስላለበት በግዢ የከፈለው ቫት ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል። ከአዲስ አበባ ከገዛ በቫት ማስታወቂያው ሣጥን 1 ላይ 420 ፓውንድ እንደ ዕዳ፣ ሣጥን 4 ላይ ያንኑ 420 ፓውንድ እንደ ተመላሽ ይጽፋል፤ ሣጥን 6 እና ሣጥን 7 ላይ ደግሞ 2,100 ይገባል። የሚከፍለው ልዩነት ዜሮ ነው። የአዲስ አበባው ወረቀት በ300 ፓውንድ የረከሰ ቢመስልም በእውነቱ በ100 ፓውንድ ይወደዳል። ለእሱ የሚደላው ነገር 400 ፓውንድ አስቀድሞ አለመክፈሉ ብቻ ነው። ለለንደኑ ድርጅት በጥር መጀመሪያ የከፈለ ሰው የሩብ ዓመት ማስታወቂያው የሚጠናቀቀው እስከ ግንቦት 7 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በመሆኑ፣ ገንዘቡን ሳያወራርድ አራት ወር ሊቆይ ይችላል። እጅ ላጠረው ነጋዴ ይህ ቀላል አይደለም።

ካፌው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጠልቃል። የምዝገባው ጣሪያ ባለፉት 12 ወራት 90,000 ፓውንድ ሽያጭ ነው፤ ካፌው ከዚያ በታች ስለሆነ አልተመዘገበም። ለለንደኑ ድርጅት የሚከፍለው 400 ፓውንድ ቫት አይመለስለትም። ከአዲስ አበባ ቢገዛ ግን ያልተመዘገበ ገዢ የቫት ማስታወቂያ ስለማያቀርብ 2,100 ብቻ ከፍሎ ይገላገላል፤ ርካሹም ይኸው ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ገዢው እንደ ሻጭ ስለሚቆጠር ያ 2,100 ፓውንድ ከካፌው የራሱ ሽያጭ ጋር ይደመራል።

የካፌው የ12 ወር ሽያጭ በሰኔ 88,500 ፓውንድ ደርሷል እንበል። ድረ ገጹ በዚያው ወር ተጠናቅቆ ቢከፈልበት ድምሩ 90,600 ይሆናል፤ ጣሪያው ታለፈ ማለት ነው። ባለቤቱ እስከ ሐምሌ 30 ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለባቸው፤ ምዝገባውም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ይጸናል (ወሮቹ የፈረንጆች ናቸው)። ከዚያ ወዲያ በ3.60 ፓውንድ ከሚሸጥ አንድ ስኒ ቡና 60 ሳንቲሙ የመንግሥት ነው። 300 ፓውንድ ለማዳን የተገባበት ግዢ እንዲህ ያለ ሂሳብ ያስከትላል። ጣሪያው የታለፈው በአንድ ጊዜ አጋጣሚ ከሆነና የሚቀጥሉት 12 ወራት ሽያጭ ከ88,000 እንደማይበልጥ ማሳየት ከተቻለ ከምዝገባ ነፃ እንዲደረጉ ማመልከት ይፈቀዳል፤ ይህ ካፌ ግን በራሱ ሽያጭ ብቻ 88,500 ላይ ስላለ ማሳመኑ ይከብደዋል። እኔ ብሆን ድምሩን ወር በወር እያየሁ፣ ያለፈው ዓመት ትልቁ የበዓል ወር ከ12ቱ ወራት እስኪወጣ ድረስ ሥራውንም ክፍያውንም አዘገየው ነበር። የሚቆጠረው ሥራው የተጠናቀቀበት ቀን ነው፤ ክፍያው ከቀደመ ደግሞ የተከፈለበት ቀን። በየወሩ ለውጭ አገር የሚከፈል የማስታወቂያና የሶፍትዌር ወጪም በዚሁ ድምር ውስጥ እንደሚገባ ብዙዎች አያውቁም።

ደላላው የታክሲ ሾፌሮችን ኢንሹራንስ ያገናኛል፤ በጎን ደግሞ ሒሳባቸውን ይሠራል። የኢንሹራንስ ኮሚሽን ከቫት ነፃ ነው፤ የሒሳብ ሥራው ግን ቫት ስላለበት ተመዝግቧል። ድረ ገጹን የሚያሠራው ለኢንሹራንሱ ብቻ ነው። ነፃ ለሆነ ሽያጭ የሚውል ግዢ ቫቱ አይመለስም፤ ስለዚህ ሣጥን 1 ላይ 420 ይጽፋል፣ ሣጥን 4 ላይ የሚጽፈው የለም። በወረቀቱ ከሁሉ የረከሰው ፕሮፎርማ ለእሱ ከሁሉ ውድ ሆነ። ለነፃው ሽያጭ የዋለው የግዢ ቫት በአማካይ በወር ከ625 ፓውንድ ካልበለጠና ከጠቅላላው የግዢ ቫት ከግማሽ ካላለፈ ሙሉው ይመለሳል፤ የዚህ ደላላ ግን ግማሹን ስለሚያልፍ አይጠቅመውም። ስለዚህ ያልተመዘገበውን የለንደን ባለሙያ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ወረቀቱ ሲመጣ መታየት ያለበት የሻጩ አድራሻና የቫት ቁጥር ነው። የእንግሊዝ የቫት ቁጥር በGB ይጀምራል፤ ዘጠኝ አሃዝ ይከተለዋል። እንዲህ ያለ ቁጥርና 20 በመቶ ካለበት፣ አድራሻውም እንግሊዝ ከሆነ፣ ቫቱን ሻጩ ራሱ አስከፍሏል፤ ተገላቢጦሹ አያስፈልግም። አስቸጋሪው ወረቀቱ የሌላ አገር ቫት ይዞ ሲመጣ ነው፤ ለምሳሌ የአየርላንድ 23 በመቶ ወይም የኢትዮጵያ 15 በመቶ። ይህን ሣጥን 4 ላይ መጻፍ አይቻልም፤ የእንግሊዝ ታክስ አይደለምና። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ገዢው ሲመዘገብ የቫት ቁጥሩን ባለመስጠቱ ሻጩ እንደ ግለሰብ ተጠቃሚ መቁጠሩ ነው። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ቁጥሩን ልኮ፣ ያልተመዘገበ ከሆነም ነጋዴ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ልኮ፣ ወረቀቱ እንዲታረም መጠየቅ ይገባል። አዲስ አበባ ባረፉበት ሆቴል የተከፈለው ቫት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የሆቴል አልጋ ታክስ የሚጣልበት ሆቴሉ ባለበት አገር ስለሆነ ተገላቢጦሽ አይነካውም።