ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ ወይስ ሲግናል? በአዲስ ላፕቶፕ ላይ የቆየ መልእክት ለሚፈልግ

ላፕቶፕ የገዙ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ዋትስአፕን ከስልካቸው ጋር ካገናኙ በኋላ የቆዩት መልእክቶች ለምን በከፊል ብቻ ይታያሉ? ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ወዳጄ ከሁለት ዓመት በፊት የተላከለትን ደረሰኝ በላፕቶፑ ላይ ቢያጣው ጊዜ ጥገና ቤት ሄዶ «ታሪኩን ለማስመለስ» ገንዘብ ከፈለ። ባለሙያ ተብዬው የሠራው ግን ግንኙነቱን አቋርጦ ኪው አር ኮዱን እንደገና ማስነሣት ብቻ ነበር፤ ደረሰኙም አልተገኘም።

ዋነኛ ፍላጎቱ የቆየ የሥራ መልእክት ኮምፒውተር ላይ ማግኘት ለሆነ ሰው፣ እኔ የምመርጥለት ቴሌግራም ነው። መደበኛ ውይይቶቹ የሚቀመጡት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ከስልኩ የሚለምነው ነገር የለም፤ ስልኩ ቢጠፋም ገብቶ ወደ ኋላ እያነበበ የመጀመሪያው መልእክት ድረስ ይደርሳል።

ዋትስአፕ እስከ 2021 ድረስ ኮምፒውተር ላይ የሚያሳየው ስልኩ ውስጥ ያለውን ነበር፤ በዚህም ምክንያት ስልኩ ከኢንተርኔት ከወጣ ኮምፒውተሩም ሥራ ያቆም ነበር። በዚያ ዓመት በመጣው ለውጥ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን የምስጢር ቁልፍ ይዞ ራሱን ችሎ መሥራት ጀመረ፤ ከስልኩ ሌላ እስከ አራት መሣሪያዎች ማገናኘትም ተቻለ። ሰርቨሩ የተላለፉ መልእክቶችን ስለማያከማች ለአዲሱ መሣሪያ የድሮውን ሊሰጠው የሚችለው ስልኩ ብቻ ነው። ስልኩም በሚገናኝበት ጊዜ የቅርቡን ታሪክ በምስጢር ጠቅልሎ ይልካል እንጂ ሁሉንም አይልክም። ስለዚህ የነጋዴው ደረሰኝ በስልኩ ላይ ተፈልጎ ከተገኘ፣ የጠፋም የተበላሸም ነገር የለም፤ ከጥቅሉ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ውይይቱን እስከ ላይኛው ጫፍ ሲወጡ የቆዩትን ከስልክ ለማምጣት የሚጠይቅ ጽሑፍ ከታየ፣ ስልኩን አብርቶና ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ እርሱን መጫን ይቻላል፤ ይህን ለማድረግ ለማንም መክፈል አያስፈልግም። በስልኩ ላይ ከሌለ ግን፣ ለምሳሌ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይያዝ ስልኩ ተደምስሶ ከሆነ፣ ደጋግሞ ማገናኘት ምንም አያመጣም፤ እንዲያውም ግንኙነቱ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው ጥቂት ቅጂ አብሮ ይጠፋል። ስልኩ ከ14 ቀን በላይ ሳይከፈት ቢቆይም የተገናኙት መሣሪያዎች ይወጣሉ። ታሪኩን ሙሉ እናሳያለን የሚሉ የተሻሻሉ የዋትስአፕ ቅጂዎችን የሚጭኑ ሱቆችም አሉ፤ እነዚያን የሚጠቀም ሰው ቁጥሩ ሊታገድበት ስለሚችል፣ በነጻም ቢሰጡ ውድ ናቸው።

ሲግናል ለረጅም ጊዜ ለአዲስ ኮምፒውተር ምንም የቆየ መልእክት አይሰጥም ነበር። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ግን በሚገናኝበት ጊዜ ታሪኩ ይተላለፍ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከተስማሙ የጽሑፍ መልእክቶቹ ሁሉ፣ ከፎቶና ከቪዲዮ ደግሞ ያለፉት 45 ቀናት ይመጣሉ። ጥያቄው የሚቀርበው በመገናኛው ሰዓት ስለሆነ፣ ያለፈው ሰው አቋርጦ እንደገና ማገናኘት አለበት። የነጋዴው ደረሰኝ ፎቶ ስለሆነ እዚህም አይገኝም ነበር፤ ስለ እርሱ የተጻፈው ግን ይገኝ ነበር።

ሦስቱም ለማገናኘት ገንዘብ አይጠይቁም፤ ዋጋው ያለው ዳታው ላይ ነው። ሲግናል የታሪኩን ጥቅል ከስልክ ወደ ሰርቨር ጭኖ በኮምፒውተሩ ስለሚያወርደው ዳታ ሁለት ጊዜ ይፈጃል፤ በሞባይል ጥቅል የሚሠራ ሰው ዋይፋይ ባለበት ቦታ ቢያገናኝ ይመረጣል። ቴሌግራም ታሪኩን በተከፈተው ልክ ነው የሚያወርደው፤ ነገር ግን ቻናሎች የበዙበት ሰው ፎቶውና ቪዲዮው ሳያውቀው ጥቅሉን እንዳይጨርስበት ኮምፒውተሩ ላይ Settings > Advanced > Automatic media download ውስጥ ገብቶ የቻናሎቹን ቢያጠፋ ይበጀዋል።

ቴሌግራምም ቢሆን በከፊል የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ምስጢራዊ ቻት ከተጀመረበት ስልክ አይወጣም፤ የቡድኑ አስተዳዳሪ የቀድሞውን ታሪክ ለአዲስ አባላት ከዘጋው ደግሞ፣ ዘግይቶ የገባ ሰው በየትኛውም መሣሪያ አያየውም። ከዚህም ሌላ መደበኛ ውይይቱን ኩባንያው ራሱ ሊከፍተው በሚችል ሁኔታ ያስቀምጠዋል። ለዚህ ነው የደረሰኝ ክምችቴን ለቴሌግራም ሰጥቼ የመታወቂያ ፎቶና የባንክ ጉዳይ ለሲግናል ያስቀረሁት።